የልብ ምት መለኪያ ለሌላችሁ፦ ትንፋሽ በንግግር ሲለካ

በልብ ሕሙማን ማገገሚያ ክፍል የሚሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጥያቄዎቻችሁን ይመልሳል።

«ሐኪሜ መካከለኛ እንቅስቃሴ አድርጊ ብሎኛል። መለኪያ ሰዓት የለኝም፤ ልኩን በምን ልወቅ?»

እየተራመዱ ይናገሩ፣ እህቴ። ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳይቆራርጡ መናገር ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት፣ ልኩ ላይ ነዎት። ሦስት አራት ቃል ብለው አየር መሳብ ካስፈለገዎት ከብዷል። ንግግር የሚወጣው ከምናስወጣው ትንፋሽ ጋር ነው፤ ሥራው ሲከብድ ሰውነት ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ስለሚፈልግ ዐረፍተ ነገሩን ይቆርጠዋል።

«እንግዲያው እኔ ሁልጊዜ ልክ ነኝ ማለት ነው! ጠዋት ጠዋት ከባልንጀራዬ ጋር እያወራን ነው የምንሄደው።»

ግማሹን ይዘሃል፣ ወንድሜ። ማውራት መቻልህ እንዳልከበደህ እንጂ እንደበቃህ አያሳይም። አንድ መዝሙር ወይም ዘፈን ጀምር፤ ዜማውን እየጠበቅህ ከዘለቅህ ቀላል ላይ ነህና እርምጃህን ጨምር።

«አዳማ ላይ በማይከብደኝ ፍጥነት እንጦጦን ስወጣ አፌ ተያዘ። አቅሜ ወርዶ ይሆን?»

አይመስለኝም። ዳገቱ አለ፤ እንጦጦም ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ በኪሎ ሜትር ፍጥነት አትመሩ። በአንድ ዓይነት እርምጃ ሦስት ደቂቃ ያህል ይሂዱ፤ ትንፋሽ ሥራውን የሚደርስበት ዘግየት ብሎ ነውና በመጀመሪያው ደቂቃ መፈተን ያታልላል። ከዚያ በቃልዎ የሚያውቁትን፣ አባታችን ሆይን ወይም ፋቲሓን፣ ድምፅ አውጥተው ይበሉና «ተመችቶኛል?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። «አዎ» ካሉ ይቀጥሉ። «እንጃ» ካሉ ጫፉ ላይ ነዎት፤ ትንሽ ያዝግሙ። እኔ ለታካሚዎቼ «እንጃ»ን እንደ «አይ» ቁጠሩት እላለሁ፤ ሰው ድካሙን መደበቅ ይወዳልና።

«ግፊት ስለካ አታውሪ ተብዬ ነበር። አሁን አውሪ ትላላችሁ?»

እማማ፣ ያ ሌላ ነው። ግፊት ሲለኩ ማውራት ቁጥሩን ከፍ ስለሚያደርገው ዝም ይበሉ። ይህኛው በጉዞ ላይ ነው። ለግፊቱ አቴኖሎል የሚወስዱ ከሆነማ ይበልጥ ይጠቅምዎታል። መድኃኒቱ የልብን ምት ስለሚያዘገየው፣ ሰዓት ቢያስሩም ቁጥሩ ዝቅ ብሎ እየታየ እርስዎ ከልክ በላይ ሊደክሙ ይችላሉ።

«አስም አለብኝ። ለእኔም ይሠራል?»

እዚህ ላይ እጠነቀቃለሁ። ንግግርህን የሚቆርጠው የሥራው ክብደት ወይም የመተንፈሻ ቱቦው መጥበብ ሊሆን ይችላል፤ ፈተናው ሁለቱን አይለይም። ሲር ሲር የሚል ድምፅ ወይም ሳል ከመጣ፣ ወይም ቆመህ ካረፍህም በኋላ ንግግርህ ቶሎ ካልተመለሰ ነገሩ እርምጃው ብቻ አይደለም። እንዲያ ሲሆን አቁም፤ ሐኪም ያዘዘልህን የሚነፋ መድኃኒት ተጠቀም፤ ካልተሻለህ ወደ ሐኪም ቤት ሂድ። በሰላሙ ቀን ግን ምን ያህል ልትተማመንበት እንደምትችል ሳላይህ መወሰን አልችልም። የሚከታተልህ ሐኪም ፊት እየተራመድህ ሞክረው።