የታክሱ ልክ ከፍ ያለው ከመሠረቱ የወጣው ስለበዛ ነው፦ ጥያቄና መልስ ከቀድሞ የጉምሩክ ኦዲተር ጋር

ከመልስ ሰጪው፦ በጉምሩክና በታክስ ኦዲት ሥራ ላይ ሸምግዬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ስለ ታክስ መሠረት፣ ማለትም ታክሱ ስለሚጣልበት ነገር ሁሉ፣ እና ስለ ምጣኔው ጠይቁኝ። የግል የግብር ክርክራችሁን ግን እዚህ አልዳኝም። አንድ ነገር አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፦ «ከታክስ ነፃ» እና «በዜሮ ምጣኔ የሚታክስ» አንድ አይደሉም። ሳትለዩ አትጠይቁኝ።

የመርካቶ አስመጪ፦ ጋሼ፣ ገንዘብ በጎደለ ቁጥር አዲስ ታክስ በእኛ ላይ የሚጨመረው ለምንድን ነው?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በሒሳብ እንየው። አገር በሙሉ በዓመት 100 ብር ይሸምታል፣ መንግሥት ደግሞ 15 ብር ያስፈልገዋል እንበል። ሁሉም ሸመታ ከተታከሰ 15 በመቶ ይበቃል። የ20 ብሩን ሸመታ ነፃ ብታወጡ፣ ያው 15 ብር ከቀረው 80 መሰብሰብ አለበትና ምጣኔው 18.75 ይሆናል። ሌላ 20 ብታወጡ 25፣ ሦስተኛ 20 ብታወጡ 37.5 በመቶ ይደርሳል። ልብ በሉ፣ የወጣው ሁልጊዜ ያው 20 ነው። የመጀመሪያው ምጣኔውን ከአራት ነጥብ በታች አሳደገው፤ ሦስተኛው ግን ከአሥራ ሁለት ነጥብ በላይ። ነፃ መብት በበዛ ቁጥር ቀጥሎ የሚሰጠው የበለጠ ውድ ነው። ፈቃጁ ባለሥልጣን ግን ዋጋው ሁልጊዜ እንደ መጀመሪያው ይመስለዋል።

እዚህ አገር የተጨማሪ እሴት ታክስ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ 15 በመቶ ላይ ቆሞ ስለቀረ ምጣኔው ያልጨመረ ይመስላል። ጭማሪው በጎን ገባ። በ1999 ዓ.ም. በገቢ ዕቃ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ መጣ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ 3 በመቶ የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ። አንተ ራስህ የምትከፍለውን ቁጠረው። ወደብ ሲደርስ 100,000 ብር የሚያወጣ፣ የጉምሩክ ቀረጡ 20 በመቶ የሆነና ኤክሳይዝ የሌለበት ዕቃ አመጣህ። ቀረጡ 20,000 ነው። ቫቱ በ120,000 ላይ ይሰላና 18,000 ይሆናል። ሱር ታክሱ ቫቱንም ጨምሮ በ138,000 ላይ ተሰልቶ 13,800 ይመጣል። የማኅበራዊ ልማቱ 3,000 ሲታከልበት 54,800 ብር ሆነ። ቫቱን ስትሸጥ ከገዢ ከምትሰበስበው ቫት ላይ ታቀናንሰዋለህ፤ የቀረው ግን ከዕቃው ዋጋ ጋር ተጣብቆ ይቀራል።

ጎረቤትህ ተመሳሳዩን ዕቃ በኢንቨስትመንት የቀረጥ ነፃ መብት ካስገባ ከዚህ አብዛኛው አይነካውም። ይህን መብት መልሶ ለመውሰድ ስምና ጠበቃ ካለው ሰው ጋር መጋፈጥ ያስፈልጋል። በሁሉም አስመጪ ላይ አንድ ተጨማሪ ክፍያ ለመደረብ ግን አጭር ደንብ ይበቃል።

የሒሳብ መምህር፦ ቀረጥ ነፃው ለፋብሪካና ለሆቴል ግንባታ እስከሆነ ድረስ ሥራ ይፈጥራል። ያንን ሒሳብ ውስጥ አላስገቡትም።

ሥራ የፈጠረ አለ፤ አልክድም። እኔ የምናገረው ስላየሁት ነው። ለአንድ ሆቴል ግንባታ ተብሎ ከቀረጥ ነፃ የገባ የአርማታ ብረት ለማጣራት ሄድን። የግንባታ ፕላኑን ይዘን ምሰሶና ወለሉን ለካን፤ በዲክላራሲዮኑ ላይ የሰፈረው ብረት ሕንፃው ከሚበላው እጥፍ ነበር። ትርፉ የት ሄደ? ቀረጥ ከፍሎ ካስመጣው ነጋዴ መደብር ጎን ባለው መደብር ይሸጥ ነበር። ከፋዩ ነጋዴ እንዴት ይወዳደር? ወይ ይዘጋል ወይ ዋጋ አሳንሶ ማስመዝገብ ይጀምራል። ያን ጊዜ መሠረቱ ሁለተኛ ጠበበ። ማወቅ የሚፈልግ ሰነዱን ሳይሆን ግንባታውን ይለካ።

የመርካቶ አስመጪ፦ የዚያ ብረት ተወዳዳሪ እኔ ነበርኩ ማለት ነው! ምጣኔው ግማሽ ቢደረግ እኮ ሁሉም በደስታ ይከፍላል።

የሒሳብ መምህር፦ በደስታ የሚከፍል ነጋዴ አላየሁም። ዛሬ 15ቱን የደበቀ ነገ 7.5ቱንም ይደብቃል።

የመርካቶ አስመጪ፦ እርስዎ ደመወዝተኛ ነዎት፤ ያለፈቃድዎ ስለሚቆረጥብዎት ነው።

ተዉ እንጂ። ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ። ምጣኔ ሲወርድ የመደበቅ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ደረሰኝ የማይቆርጠው ሱቅ ግን ስለወረደ ብቻ መቁረጥ አይጀምርም። ቀጣይ።

እናት ከአዳማ፦ የልጄ የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ከቫት ነፃ ነው ይባላል። ታዲያ ለምን ጨመረብኝ?

የእርስዎ ትምህርት ቤት ለምን እንደጨመረ እኔ አላውቅም እመቤቴ። ቫቱ ግን እንዴት ተደብቆ እንደሚገባ ላሳይዎት። ትምህርት ቤቱ 2,000,000 ብር የሚያወጡ ወንበሮችና ኮምፒውተሮች ሲገዛ 300,000 ብር ቫት ይከፍላል። አገልግሎቱ ከታክስ ነፃ ስለሆነ ይህን የሚያቀናንስበት የለውም። 500 ተማሪ ካለው በነፍስ ወከፍ 600 ብር ነው። እርስዎ ደረሰኝ ላይ የቫት መስመር አያዩም፤ ገንዘቡን ግን ከፍለዋል። ቡና ላኪው በተመሳሳይ ገንዘብ ማሽን ቢገዛ ሽያጩ በዜሮ ምጣኔ ስለሆነ 300,000 ብሩን ተመላሽ ይጠይቃል። ተመላሹ መቼ እንደሚደርሰው ሌላ ጣጣ ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ነፃና ዜሮ አንድ አይደሉም።

አዲስ ገቢ፦ ታክስ ለምን በዛ?

የትኛው? በማን ላይ? ከላይ ያለውን አንብብ።

ደመወዝተኛ፦ ከደመወዜ እስከ 35 በመቶ ይቆረጣል። እኛስ?

በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነውን ወለል ከ600 ወደ 2,000 ብር አንሥቷል። ከዚያ በላይ ያለው ቀጣሪ ቆርጦ የሚያስገባው ስለሆነ የሚያመልጥ የለም። ሌላው ስላመለጠ ነው እናንተ ላይ የከበደው። የደመወዝ ግብር ሙያዬ አይደለም።

የማኅበራዊ ጥናት ተማሪ፦ ነፃ መብት ሁሉ ክፉ ከሆነ ጤፍና ምስር ይታከስ ማለት ነው? ድሃው ምን ይብላ?

«ሁሉ ክፉ ነው» አላልኩም። ድሃው ከገቢው የሚበዛውን ለምግብ ስለሚያወጣ ያልተፈጨ እህል ነፃ መሆኑን እቀበላለሁ። መብራትን ግን እንይ። ቀድሞ የኤሌክትሪክ ፍጆታ በሙሉ ከቫት ነፃ ነበር። በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤትና ቦይለርና ሁለት ፍሪጅ ያለው፣ 600 የሚጠቀም ቪላ አለ። ነፃ መብቱ ለቪላው ቢያንስ አሥር እጥፍ ሰጠው። ለድሃ ተብሎ የተሰጠ መብት አብዛኛው ብር ወደ ባለጸጋው ሄደ። በአዲሱ የቫት አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ለመኖሪያ ቤት ነፃ የሆነው እስከ ተወሰነ ፍጆታ ብቻ ነው። የዚህ ዓይነቱን እደግፋለሁ።

መስመር ማበጀት ግን ጠብ ይጠራል። ብሪታኒያ ውስጥ ኬክ በዜሮ ምጣኔ ሲሆን በቸኮሌት የተሸፈነ ብስኩት በሙሉ ምጣኔ ነው፤ በ1991 እ.ኤ.አ. «ጃፋ ኬክ» ኬክ ነው ወይስ ብስኩት በሚል ክርክር የታክስ ችሎት ተሰይሟል። ኬክ ነው ተባለ። ኒውዚላንድ ምግብንም ጨምራ ስለምትታክስ እንዲህ ያለ ጣጣ የለባትም፤ ምጣኔዋም 15 ሲሆን የብሪታኒያው 20 ነው።

አዲስ ገቢ፦ ነፃ ማለት ዜሮ በመቶ ማለት አይደለም እንዴ?

አይደለም! የአዳማዋን እናት ጥያቄ መልስ አንብብ። ሁለተኛ ብትጠይቀኝ አልመልስልህም።

የሒሳብ መምህር፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። አዋጅ 1341 መሠረቱን ካሰፋ ምጣኔው ለምን ከ15 አልወረደም? በእርስዎ ሒሳብ መውረድ ነበረበት።

በሒሳቡ አዎን። ነገር ግን በሒሳቡ ውስጥ መንግሥት የሚፈልገው 15 ብር ተቆልፎ ነበር፤ በእውነቱ ዓለም የሚፈለገው ገንዘብም አደገ። መሠረት ሰፍቶ ምጣኔ ካልወረደ ለከፋዩ የታክስ ጭማሪ ነው፤ ሌላ ስም አያስፈልገውም።

የመርካቶ አስመጪ፦ ታዲያ ምን ለውጥ አመጣልን?

ቫቱ 15 ላይ ይቆይ፤ መጀመሪያ መነሣት ያለበት ሱር ታክሱ ነው ባይ ነኝ። ከቫት በላይ ተደርቦ የሚሰላና የማይቀናነስ እሱ ነውና።

የሒሳብ መምህር፦ እሱ ሲነሣ የሚጎድለውን የሚሞላው ማነው?

ያ የሆቴል ብረት።

የሒሳብ መምህር፦ አንድ ሆቴል አይሞላውም።

አንድ አይሞላውም። የቀረጥ ነፃ ፈቃዱን መዝገብ ያወጡልህና አንድ በአንድ ደምረው።