ከማረጋጊያ ክፍል ለሚወጣ ሕፃን ለኤክስቴንሽኗ ምን ይጻፍ?

«ከማረጋጊያ ክፍል ወደ ጤና ኬላ የምንልከው ሕፃን አለ። የዝውውር ቅጹን ሞልቻለሁ፤ ለጤና ኤክስቴንሽኗ ሌላ ምን ልጻፍላት?»

እህቴ፣ ልጁ በእብጠት የገባ ከሆነ ቅጹ ብቻውን ያሳስታታል። እኛ ያየነውን አንቺ እንዳታዪው ልንገርሽ።

1. ከክብደቱ በፊት እብጠቱን ጻፊ። ሦስት ፕላስ እብጠት ይዞ በ8.4 ኪሎ የገባ ልጅ ነበረን። ውሃው ወረደለት፣ ፕላምፒ ነቱን ጥርግ አድርጎ መብላት ጀመረ፣ በ7.6 ኪሎ ተላከ። እግሩ ላይ አንድ ፕላስ ቀርቶት ነበር፤ እየቀነሰ እስከሆነ ድረስ ለመውጣት አያግድም። ተረኛው ግን ኪሎውን ብቻ ጽፎ ሰደደው። በሳምንቱ ኤክስቴንሽኗ ስትመዝነው 7.2 ሆነ። ክብደቱ የወረደ ልጅ ሲገጥማት መልሳ ላከችው፤ በእሷ አልፈርድም። እናቱ አዝላው ስትደርስ የካርድ ክፍሉ ሰውዬ «ያኛው ተዘግቷል፣ አዲስ አውጪ» ብሎ አመናጨቃት። በአዲስ ካርድ እንደ አዲስ ታማሚ ተመዘገበና የጨረሰውን አሞክሳሲሊን እንደገና ተጀመረለት፣ ወደ ኤፍ-75 ወተትም ተመለሰ። ስደርስ ሁለቱንም እግሮቹን በአውራ ጣቴ ለሦስት ሰከንድ ተጫንኩ፤ ምንም አልሰረጎደም። ልጁ አልከሳም፣ የቀረችው ውሃ ነበረች የወጣችው። ለኃላፊው ስነግረው «ቅጽ ላይ ድርሰት አይጻፍም» አለኝ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ጀርባው ላይ እጽፋለሁ፤ ማንም አላስቆመኝም።

2. በተቃራኒው የሚሆነውንም ንገሪያት። ኪሎው በፍጥነት ጨምሮ እግሩ ከሰረጎደ ውሃው ተመልሷል ማለት ነው፤ እሱን ነው ሳይውል ሳያድር የምትልከው። ስለዚህ ሚዛኑ ላይ ከማስቀመጧ በፊት እግሩን ትጫን።

3. የሰጠሽውን የፕላምፒ ነት ከረጢት ቁጠሪ። ለ7.6 ኪሎ በቀን 3 ነው። ሐሙስ ወጥቶ የኬላው የኦቲፒ ቀን ማክሰኞ ከሆነ፣ ከዓርብ እስከ ማክሰኞ 15 ማለት ነው። ቁጥሩ ካልተጻፈላት ቶሎ ማለቁን በምን ታውቃለች? ታላላቆቹ እየተካፈሉት እንደሆነም አይገባትም።

ለዚያ ልጅ መጻፍ የነበረበት እንዲህ ነው፦

«ሲገባ 8.4 ኪሎ፣ እብጠት +++። ሲወጣ 7.6፣ እብጠት +። እብጠቱ እስኪጠፋ ኪሎው ሊቀንስ ይችላል፤ እየበላ፣ ነቃ ብሎ፣ የእግሩም እብጠት እየጎደለ ከሆነ አትመልሺው። መነሻ ኪሎ አድርገሽ የምትይዢው እብጠቱ ሲጠፋ የምታገኚውን ነው። አሞክሳሲሊን ጨርሷል፣ አይደገም። ከእኛ የተዛወረ እንጂ አዲስ አይደለም፤ በነበረው ቁጥሩ መዝግቢው። 15 ከረጢት ይዟል፣ ማክሰኞ ይመጣል። መብላት እንቢ ካለ፣ ካስመለሰው ወይም ከደከመ ቀኑን ሳትጠብቂ ላኪው።»

ስልክሽን ከሥሩ ጻፊበት። የእኛዎቹ አሁን ልጅ ከመመለሳቸው በፊት ይደውላሉ።