የመጋዘን ጣሪያ እድሳት፦ በቁርጥ ወይስ በቀን ሂሳብ?

«ገንደቆሬ ያለውን መጋዘናችንን ጣሪያ ልናሳድስ ነው፣ ኮንትራክተሩ በቁርጥ ዋጋ አልገባም፣ በሰራተኛ ቀንና በእቃ ይሁን አለኝ። ቢራዘም ኪሳራው የማን ነው?»

ያንተ ነው አቦ። እሱ ያለህ ታይም ኤንድ ማቴሪያል የሚባለው ውል ነው፣ እዛ ላይ የሚታሰረው የቀን ዋጋው ብቻ ነው፣ ትርፉም እዛው ውስጥ ስላለ ስራው በተራዘመ ቁጥር እሱ ያገኛል። ለምሳሌ 3 ሰራተኛ እያንዳንዱ በቀን 2,000 ብር ቢሆንና 10 ቀን ተብሎ 16 ቀን ቢፈጅ ከ60,000 ወደ 96,000 ወጣ ማለት ነው፣ 36,000ው ካንተ ኪስ።

ግን በቁርጥ እምቢ ማለቱም አይገርምም፣ ቆርቆሮው ሳይነሳ ከስሩ ያለው እንጨት ምን ያህል እንደበሰበሰ ማንም አያውቅም፣ አስገድደህ ብታስገባው ለማያውቀው ነገር ዋጋ ቆልሎ ነው የሚሰጥህ። ኮስት ፕላስ የሚባለው (ያወጣውን ከፍለህ ክፍያውን ትጨምራለህ) ደግሞ የሚታመን የሂሳብ መዝገብ ይፈልጋል፣ ለዚህ ስራ ተወው።

እኔ ብሆን ለሁለት እከፍለዋለሁ፦ ቆርቆሮ ማንሳትና መፈተሹን በቀን ሂሳብ፣ የሚቀየረው እንጨት ተለክቶ ሲታወቅ ቀሪውን በቁርጥ። ለመጀመሪያው የስራ ክፍል ከዚህ አይበልጥም የሚል የገንዘብ ገደብ አስቀምጥ፣ ከዛ ካለፈ በራሱ ወጪ እንደሚጨርስ ውሉ ላይ በግልፅ ይፃፍ፣ ካልተፃፈ ገንዘቡ ሲያልቅ ስራውን አቁሞ መሄድ ይችላል። የሰራተኛ መቆጣጠሪያውንም ማታ ማታ ራስህ ፈርም፣ በሳምንት ተጠራቅሞ የመጣ ላይ ማን እንደዋለ ማን እንደቀረ መለየት አይቻልም።