መምህርቷ «ወርክሺቱ አልተያያዘም» ብላ ስትመልስ

«ሰላም እህቶች። ልጄ 6ኛ ክፍል ነው። አሜሪካ ከመጣን ገና ዓመት አልሞላንም። የሳይንስ የቤት ሥራውን ሠርቶ ሲልክ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነበር። ዛሬ መምህርቷ ‹ወርክሺቱ አልተያያዘም፣ መልሼልሃለሁ› ብላ ጻፈችለት። እሱ ልኬዋለሁ እያለ ያለቅሳል። ማንን ልመን? ምንስ ላድርግ? ትምህርት ቤቱ የሚጠቀመው ጉግል ክላስሩም ነው።»

እህቴ፣ ሁለቱንም ልታምኚ ትችያለሽ። ልጅሽ ሠርቶ ልኬዋለሁ ብሎ ያምናል። መምህርቷ ደግሞ ስትከፍተው ባዶ ነው ያገኘችው። እኔ ቤት የደረሰው ይኸው ራሱ ነው። አሁን በአንድ መካከለኛ ትምህርት ቤት ረዳት መምህርት ስለሆንኩ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል አየዋለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

በመጀመሪያ «መልሼልሃለሁ» የሚለው ቃል አያስደንግጥሽ። እኛ ባደግንበት ትምህርት ቤት መምህር ሥራ መለሰ ማለት አልተቀበለውም ማለት ነበር፤ ቀጥሎ «ወላጅ አምጣ» ይመጣል። ክላስሩም ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ልጁ ሥራውን ሲያስገባ ፋይሉ ወደ መምህሯ እጅ ያልፋል፤ እሱ ማየት እንጂ መጻፍ አይችልም። እሷ “Return” የሚለውን ስትጫን እንደገና መጻፍና ማያያዝ ይችላል። መቶ ከመቶ ያገኘ ልጅም ሥራው የሚመለስለት በዚሁ ቁልፍ ነው። ስለዚህ መምህርቷ በሩን ከፍታለታለች። ዝም ብላ ዜሮ ልትሰጠው ትችል ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የቤት ሥራው ሲከፈት በስተቀኝ በኩል “Your work” የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። እዚያ ሳጥን ውስጥ ፋይል ካለ የታችኛው ቁልፍ “Turn in” ይላል። ምንም ፋይል ከሌለ ግን ቁልፉ “Mark as done” ይላል። ትርጉሙ «ጨርሻለሁ ብለህ ምልክት አድርግ» ነው እንጂ የሚላክ ነገር የለውም። ልጅ ደግሞ ቁልፉ ላይ የተጻፈውን አያነብም። ሥራውን ጨርሷል፣ ቁልፉ ጨርሻለሁ ይላል፣ ይጫነዋል። ከዚያ ገጹ እንደገባ ሥራ ያሳየዋል። መምህሯ ጋ ስሙ ካስገቡት ልጆች ጋር ይሰለፋል፣ ከስሙ ሥር ግን “No attachments” የሚል ይነበባል። አንቺ አጠገቡ ሆነሽ ያየሽው ይህንን ይመስለኛል። ልጁ ቁልፍ ሲጫን አይተሻል፤ የትኛውን ቁልፍ እንደሆነ ግን ማን ያስተውላል?

«ታዲያ ሠርቶት የለ? ፋይሉ ለምን ሳጥኑ ውስጥ አልነበረም?» ትዪ ይሆናል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ልጁ ጋ አይደለም። መምህር ወርክሺት ስትለጥፍ ከሦስት አንዱን ትመርጣለች፦ ልጆቹ ፋይሉን እንዲያዩት ብቻ፣ ሁሉም በአንድ ፋይል ላይ እንዲጽፉ፣ ወይም ለእያንዳንዱ ልጅ የየራሱ ኮፒ እንዲሠራለት። ሦስተኛው “Make a copy for each student” ይባላል። ይህ ሲመረጥ የልጁ ስም ያለበት ኮፒ ራሱ መጥቶ “Your work” ውስጥ ይቀመጣል፤ ልጁ ሞልቶ “Turn in” ይላል፣ አለቀ። መምህሯ ግን ረስታ በመጀመሪያው ከለጠፈችው ልጁ ወርክሺቱን ሲከፍት “View only” ይለዋል፣ መጻፍ አይችልም። የለጠፈችው አንዴ ከወጣ በኋላ ደግሞ ያንን ፋይል ወደ ሦስተኛው መቀየር አይቻልም። ጎበዝ ልጅ ምን ያደርጋል? “File” ከዚያ “Make a copy” ብሎ የራሱን ኮፒ ያወጣል፣ እዚያ ላይ ይሠራል። ኮፒው ግን የተቀመጠው ፋይሎቹ በሚቀመጡበት በራሱ ጉግል ድራይቭ ውስጥ ነው። ክላስሩም አያውቀውም።

የኔ ልጅ ላይ የደረሰው ልክ ይኸው ነበር። 7ኛ ክፍል ሳለች የዴንሲቲ ወርክሺት ተሰጣት። ድንጋይ መዝነው፣ ውሃ ውስጥ ከተው፣ ውሃው ስንት እንደጨመረ የሚለኩበት ነው። ሰንጠረዡን ስትሞላ አይቻታለሁ። አንዱ ድንጋይ 54 ግራም ነበር፣ ውሃው ከ50 ወደ 70 ሚሊ ሊትር ወጣ፤ 54ን ለ20 አካፍላ 2.7 ጻፈች። እራት ቀርቦ እየጠራኋት «አንዴ እማ፣ ይቺን ልጨርስ» አለችኝ። በሁለተኛው ቀን ማስታወሻው መጣ፦ «ወርክሺቱ የለም። እንድታያይዥው መልሼልሻለሁ።»

እኔ ደግሞ ተቆጣኋት። ሠርታ እንዳየሁ እያወቅኩ «መምህር ይዋሻል?» አልኳት። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ኋላ አብረን ክሮምቡኳን ከፍተን ድራይቯን ስንፈልግ ፋይሉ ቁጭ ብሎ አገኘነው። ስሙ “Copy of” ብሎ ይጀምራል፣ ቀጥሎ የወርክሺቱ ስም። ከፈትነው፤ 2.7ቱ እዚያው አለ። ልጄ ምንም ሳትናገር እያየችኝ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አብራችሁ ቁጭ በሉና እንዲህ አድርጉ። ልጅሽ በትምህርት ቤቱ አካውንት ድራይቩን ይክፈት። በግል ወይም በሌላ ሰው አካውንት ከሆነ ፋይሉ አይታይም፤ ወንድምና እህት በአንድ ኮምፒውተር የሚጠቀሙ ከሆነ ይሄ ያሳስታል። ከላይ መፈለጊያው ላይ “Copy of” ብሎ ይጻፍ፣ ወይም የወርክሺቱን ስም። ሲገኝ ከፍታችሁ መሞላቱን እዩ። ከዚያ ክላስሩም ላይ ወደዚያ የቤት ሥራ ተመለሱ፣ “Add or create” የሚለውን ተጫኑ፣ ከድራይቭ ፋይሉን ምረጡ። አሁን “Your work” ሳጥን ውስጥ የፋይሉ ትንሽ ምስል ይታያል። እሷን ሳታዩ ምንም ቁልፍ እንዳትጫኑ። አንዴ ጠቅ አድርጎ ይክፈታት፣ ትክክለኛው ገጽ መሆኑን ይመልከት። በተመለሰ ሥራ ላይ ቁልፉ “Resubmit” ይላል፤ እሱን ይጫን። ለሌላ ጊዜ፣ መምህሯ ከመመለሷ በፊት ራሱ ስህተቱን ካወቀ፣ መጀመሪያ “Unsubmit” ብሎ ነው ማያያዝ የሚችለው።

ወርክሺቱ በወረቀት የተሰጠ ከሆነ ደግሞ ድራይቭ ውስጥ አትፈልጉት። ስልክ ላይ ባለው የክላስሩም አፕ ፎቶ ተነስቶ ይያያዛል። ቀን ብርሃን ያለበት ቦታ፣ ጥላችሁ ሳያርፍበት፣ የኋላውንም ገጽ። የኋላው ገጽ ተረስቶ «ግማሹ የለም» ተብሎ የሚመለስ ብዙ አለ።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። አንዳንድ ልጅ ሲቸኩል የፋይሉን ሊንክ ገልብጦ ለመምህሯ የግል አስተያየት መጻፊያ ላይ ይለጥፈዋል። መምህሯ ስትጫነው ፈቃድ የለሽም ይላታል፤ ፋይሉ ክፍት የሆነው ለልጁ ብቻ ነውና። በ“Add or create” በኩል ሲያያዝ ግን ፈቃዱን ክላስሩም ራሱ ያስተካክላል። የጎረቤቴ ልጅ በዚህ ምክንያት አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ተመልሶበታል።

ስለ ማርፈድ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ሲላክ ገጹ «ዘግይቶ ገባ» የሚል ምልክት ያደርግበታል። ይህን ምልክት ማሽኑ ነው የሚያደርገው፤ ነጥብ ይቀነስ አይቀነስ የምትወስነው መምህሯ ናት። እሷ “See history” ስትል ልጁ መጀመሪያ መቼ ጨርሻለሁ እንዳለ፣ እሷ መቼ እንደመለሰች በቀንና በሰዓት ታያለች። ፋይሉም የራሱ ማስረጃ አለው። “File”፣ ከዚያ “Version history” ሲባል መቼ እንደተሞላ ያሳያል። የኔ ልጅ ሰንጠረዡን የሞላችው ከማስረከቢያው ቀን በፊት በነበረው ምሽት እንደነበር በግልጽ ይታይ ነበር። በሌላ በኩል፣ ብዙ ትምህርት ቤት የወላጅ ውጤት ማያው ከክላስሩም የተለየ ነው። እዚያ ላይ ዜሮ ካየሽ፣ መምህሯ ሥራውን አርማ ውጤቱን እስክታስገባ ድረስ ዜሮው ለቀናት ሊቆይ ይችላል።

መልእክቱን ልጅሽ ራሱ ይጻፍላት፣ አንቺ አይደለሽም። 6ኛ ክፍል ላይ ይህን ከልጁ ነው የሚጠብቁት። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ሚስ፣ ወርክሺቱን የሠራሁት በራሴ ኮፒ ላይ ስለነበር ሳላያይዝ ጨርሻለሁ የሚለውን ተጫንኩ። አሁን አያይዤ መልሼ ልኬዋለሁ። ፋይሉ መቼ እንደተሞላ ታሪኩ ላይ ይታያል።» ሰበብ አያብዛ፣ ረጅም ይቅርታም አይጻፍ። እኔ ያለሁበት ትምህርት ቤት መምህራን እንዲህ ዓይነት መልእክት ሲደርሳቸው ወዲያው ከፍተው ነው የሚያርሙት፤ ምን እንደተፈጠረ መገመት አይኖርባቸውም። «View only» ብሎት እንደነበርም ቢነግራት ጥሩ ነው። ሌሎች ልጆችም እንዲሁ ሆነውባት ይሆናል፤ ከአንድ ክፍል አምስት ስድስት ልጅ “No attachments” ሲል ችግሩ የአለጣጠፉ መሆኑን ያኔ ነው የምታውቀው።

ፋይሉ ከነጭራሹ ባይገኝስ? ወይም ተገኝቶ ባዶ ቢሆን? ያኔም አትጩሂበት። መጀመሪያ የድራይቩን የቆሻሻ ቅርጫት እዩ፤ የተጣለ ፋይል 30 ቀን እዚያ ይቆያል። እዚያም ከሌለ፣ ያልገባው ነገር ኖሮ ለመገላገል ቁልፉን ብቻ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ቋንቋው ገና ለሆነበት ልጅ ይህ ያጋጥማል፤ ጥያቄውን ማንበብ ይከብደዋል፣ ላለመናገር ያፍራል። እንዲህ ከሆነ ለመምህሯ የሚጻፈው ሌላ ነው፦ የትኛው ጥያቄ እንዳልገባው ለይቶ ይንገራት፣ የእንግሊዝኛ ድጋፍ የምትሰጠው መምህርትም እንድታውቅ አድርጉ።

አንቺ አጠገቡ ሆነሽ ሲሠራ ካየሽው ግን ፋይሉ እዚያ ያለ ይመስለኛል። ከፍታችሁ ስታዩ ቁልፉ ላይ ምን እንደሚል፣ ድራይቩ ውስጥም ምን እንዳገኛችሁ እዚሁ ጻፊልኝ። እስከ ማታ 4 ሰዓት አልተኛም፤ የሚያስቸግራችሁ ነገር ካለ እመልስልሻለሁ።