ልብ ከዋሻው በፊት ለምን ይሮጣል?

«ዶክተር፣ የ31 ዓመት ነጋዴ ነኝ፤ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት እመላለሳለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መኪናው ጣርማ በር ዋሻ ሊደርስ ሲል ልቤ ይደልቃል፣ ያልበኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። እስከ ደብረ ሲና ድረስ አይለቀኝም። በኋላ ኢሲጂ ተነሥቼ ልብህ ደህና ነው ተባልኩ። ታዲያ ምን ሆኜ ነው?»

ጤነኛ ልብም ሩጥ ከተባለ ይሮጣል። ትእዛዙ የሚነሣው አሚግዳላ ከሚባለው፣ አደጋን ከሚያሸት ትንሽ የአንጎል ክፍል ነው። እንደ ግቢ ውሻ ነው፤ ኮሽታ ከሰማ ባለቤቱ ወጥቶ እስኪያጣራ ሳይጠብቅ ይጮሃል። ለዚህም ነው ጨለማው ገና ሳይታይ ጠመዝማዛው መንገድ ብቻ የሚበቃው።

ትእዛዙ በነርቭ በኩል በሰከንዶች ውስጥ ልብ ይደርሳል፣ ላብ አመንጪ እጢዎችንም ይቀሰቅሳል። የቆዳ ደም ሥሮች በዚያው ጊዜ ስለሚጠቡ ላቡ የሚወርደው በቀዘቀዘ ቆዳ ላይ ነው። ከኩላሊት በላይ ያሉት እጢዎች ደግሞ አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃሉ። አድሬናሊን ጡንቻን ለሩጫ ያዘጋጃል፤ እርስዎ ግን ወንበር ላይ ነዎት፣ የተዘጋጀው ጡንቻም እጅዎ ላይ ይንቀጠቀጣል።

ደም ውስጥ የገባ አድሬናሊን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ታዲያ እስከ ደብረ ሲና ለምን ይቆያል? ምቱን ሲሰሙ «ልቤ ሊቆም ነው» ይላሉ፤ አሚግዳላ ይህንንም እንደ አዲስ አደጋ ቆጥሮ ትእዛዙን ይደግማል። ትንፋሽዎም ስለሚፈጥን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደምዎ ይቀንሳል፤ ከዚያ ራስ ይዞራል፣ ከንፈርና ጣት ይደነዝዛል፣ ፍርሃቱም ይብሳል። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው በዚያ ከፍታ ትንፋሽ በራሱም ትንሽ ይፈጥናል።

ስለዚህ አየር በረጅሙ ለመሳብ አይታገሉ፤ በአፍንጫ በቀስታ አስገብተው ከዚያ በረዘመ ጊዜ ያስወጡ። ከመኪናው አይውረዱ። ከወረዱ ፍርሃቱ ይበርዳል፣ አንጎልዎ ግን ያዳነኝ መውረዴ ነው ብሎ ይመዘግብና በሚቀጥለው ጉዞ ቀድሞ ይጮሃል። ተቀምጠው ካለፉ፣ ይህም ከተደጋገመ፣ ጩኸቱ እየደከመ ይሄዳል። ከጉዞ በፊት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ሦስቱንም መጠጣት ግን ለዚህ ልብ አይበጅም፤ ጫት ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በኋላ የተነሡት ኢሲጂ የሚያሳየው የዚያን ሰዓት ልብ እንጂ የዋሻውን ሰዓት ልብ አይደለም። የጭንቀት ምት አብዛኛውን ጊዜ እየጨመረ ሄዶ ቀስ እያለ ይበርዳል። ድንገት ተነሥቶ ድንገት ቀጥ የሚል፣ ተቀምጠው ሳለ በደቂቃ ከ150 የሚያልፍ ወይም የተዘበራረቀ ምት ከሆነ፣ ምቱ እየሮጠ ሳለ በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ተቋም ሌላ ኢሲጂ ይነሡ። ራስዎን ከሳቱ ወይም ዳገት ሲወጡ ደረትዎን ከጨመቀዎት ሳይዘገዩ ይታዩ። እየበሉ የሚከሱ ከሆነ ወይም አንገትዎ ላይ እብጠት ካለ ደግሞ የእንቅርት ሆርሞን የደም ምርመራ ይጠይቁ፤ የዚህ ሆርሞን መብዛት የልብ ድለቃን፣ ላብንና መንቀጥቀጥን በአንድነት ያመጣል።