ለፕሮፌሰር የቀጠሮ ኢሜይል፦ ዶክተር ፀዳለን እንጠይቅ

ዶክተር ፀዳለ፦ ዛሬ አንድ ሰዓት አለኝ። ከመጠየቃችሁ በፊት የኮርሳችሁን ሲለበስ፣ ማለትም የኮርሱን መግለጫ፣ ክፈቱ። ፕሮፌሰሩ ተማሪ የሚቀበሉበት ኦፊስ አወር ቀኑም፣ ሰዓቱም፣ ክፍሉም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ተጽፏል።

ናትናኤል፦ «ይህን ከላክሁ ሳምንት ሆነኝ፤ መልስ የለም። ‹ሰላም ፕሮፌሰር፣ ስለ ትምህርቱ ላናግርዎት እፈልጋለሁ። መቼ ይመችዎታል? እኔ ሁሌም ይመቸኛል።› ስህተቱ ምኑ ላይ ነው?»

ጨዋነት አልጎደለውም። ችግሩ ሥራውን ሁሉ ለእሳቸው መተዉ ነው። መልስ ለመስጠት የየትኛው ኮርስ ተማሪ እንደሆንክ መጠየቅ አለባቸው። ከዚያ ጉዳይህን መጠየቅ፣ ከዚያ ደግሞ ካላንደራቸውን ከፍተው ላንተ ሰዓት መፈለግ። እኔም እንዲህ ዓይነት ኢሜይል ሲደርሰኝ «ማታ እመልሳለሁ» ብዬ አልፈዋለሁ። ማታ ላይ ሌላ ሠላሳ ኢሜይል ከላዩ ተከምሮበት አገኘዋለሁ።

«ሁሌም ይመቸኛል» የሚለው ደግሞ ትሕትና ይመስላል እንጂ አይደለም። ክፍል የለህም እንዴ? እሳቸው ሐሙስ 10:00 ቢሉህ «ይቅርታ፣ ያኔ የላብራቶሪ ክፍል አለኝ» ልትል ነው።

ለመሆኑ ለምን ፈልገሃቸው ነው?

ናትናኤል፦ «የስታቲስቲክስ የቤት ሥራ ነው። ሪግሬሽኑን ሠርቻለሁ፤ ግን የስህተቶቹ ግራፍ እንደ ማራገቢያ ወደ ቀኝ እየሰፋ ይሄዳል። ኦፊስ አወራቸው ሐሙስ ከ14:00 እስከ 16:00 ነው፤ እኔ ያኔ ላብራቶሪ ነኝ።»

አየህ፣ ይሄንን ነበር መጻፍ! ቁምነገሩ በሙሉ እጅህ ላይ ነበር። ሐሳቡን በአማርኛ ላስቀምጥልህ፤ አንተ በምትማርበት ቋንቋ ጻፈው።

> ርዕስ፦ ስታቲስቲክስ 210፣ የ15 ደቂቃ ቀጠሮ፣ የቤት ሥራ 2
>
> ውድ ፕሮፌሰር (የቤተሰብ ስማቸው)፣
>
> በስታቲስቲክስ 210 የረቡዕ ጠዋት ክፍል ተማሪ ነኝ። በቤት ሥራ 2፣ ጥያቄ 3 ላይ ሪግሬሽኑን ሠርቻለሁ፤ ነገር ግን የስህተቶቹ ስርጭት ወደ ቀኝ እየሰፋ ይሄዳል። በውጤት ተለዋዋጩ ሎግ ልሥራ ወይስ ሌላ መንገድ አለ የሚለውን መወሰን አልቻልኩም።
>
> የሐሙስ ኦፊስ አወርዎ ከላብራቶሪ ክፍለ ጊዜዬ ጋር ይጋጫል። ከሚከተሉት በአንዱ 15 ደቂቃ ሊሰጡኝ ይችላሉ?
> ማክሰኞ ኦክቶበር 14፣ ከ10:00 እስከ 12:00
> ረቡዕ ኦክቶበር 15፣ ከ15:00 እስከ 17:00
> አርብ ኦክቶበር 17፣ ከ9:00 እስከ 11:00
>
> በአካልም በዙምም መገናኘት እችላለሁ። የማይመችዎ ከሆነ የኮርሱን ረዳት መምህር እጠይቃለሁ።
>
> (ሙሉ ስም፣ የተማሪ መለያ ቁጥር)

አሁን እሳቸው «ማክሰኞ 10:30» ብለው ሁለት ቃል ቢጽፉ ጉዳዩ አለቀ። ቁርጥ ያለ ደቂቃ ሳይሆን ሰፋ ያለ ክፍተት መስጠትህን ልብ በል። «ማክሰኞ 10:00» ብቻ ብትል 10:00 ላይ ስብሰባ ካላቸው አማራጩ ሞተ። ሦስቱን በሦስት የተለያዩ ቀኖች አድርግ። አንድ ጠዋት፣ አንድ ከሰዓት ይሁን። የሚያስተምሩበትን ሰዓት ከኮርስ መርሐ ግብሩ አይተህ ዝለለው።

15 ደቂቃ የሚለውን አትርሳ። ልኩ ያልተነገረ ቀጠሮ አንድ ሰዓት ይመስላቸዋል።

ሙሉጌታ፦ «ለኦፊስ አወር ምንጊዜም አስቀድሞ መመዝገብ ግዴታ ነው። ጀርመን እኔ ባለሁበት ሳይመዘገቡ አይገባም።»

ግማሹ ልክ ነው። ጀርመን ውስጥ ብዙ ቦታ በዝርዝር ወይም በኢሜይል መመዝገብ ይጠይቃሉ። አሜሪካ ውስጥ ግን በአብዛኛው በሩ ክፍት ነው፣ ዝም ብለህ ትገባለህ። የትኛው እንደሆነ ሲለበሱ ይነግራችኋል። ሲለበሱን ክፈቱ። የቀጠሮ ማስያዣ ሊንክ ካለ ደግሞ በሊንኩ ያዙ፤ በላዩ ኢሜይል መጻፍ እሳቸውን ድርብ ሥራ ማሠራት ነው።

ሙሉጌታ፦ «እሺ። አንድ ጊዜ 14 ሲ.ቲ. የሚል አይቼ 14:00 ላይ ደርሼ ባዶ በር ጠበቀኝ።»

በሩ ልክ ነበር። ሲ.ቲ. ማለት ከሰዓቱ 15 ደቂቃ በኋላ ነው፤ 14:15 ማለት ነው። ኤስ.ቲ. ቢሆን በሰዓቱ ነበር።

ሀያት፦ «የቢሮ ሰዓታቸው ከጠዋት እስከ ማታ ከሆነ በፈለግሁ ሰዓት ባንኳኳስ?»

ቃሉ ነው ያሳሳተሽ። ኦፊስ አወር የሥራ ሰዓት አይደለም። ለተማሪ ብለው የለዩት፣ ብዙ ጊዜ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ የሆነ ጊዜ ነው። ከዚያ ውጪ ቢሮ ቢኖሩም ምርምር ላይ ናቸው።

ቤቲ፦ «እኔ ቀኑን 5/11 ብዬ ጻፍኩላቸው። እሳቸው ሜይ 11 መሰላቸው፤ እኔ ኖቬምበር 5 ነበር ያልኩት።»

የወሩን ስም በፊደል ጻፉ። አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፣ አብዛኞቹ አውሮፓውያን ቀኑን። «የሚቀጥለው አርብ» የሚለውንም ተዉት፤ ሐሙስ ዕለት ሲነበብ ነገ ነው ወይስ የሚመጣው ሳምንት?

ዳዊት፦ «ሦስት አማራጭ መደርደር እብሪት አይመስልም? ታላቅ ሰውን ‹መቼ ይመችዎታል› ማለት ይሻላል።»

ቤቲ፦ «ዳዊት፣ የኔዋ ፕሮፌሰር ራሷ ናት ‹ሰዓት አቅርቡልኝ› ያለችን።»

ዳዊት፦ «የአንቺዋ ወጣት ናት። ሽማግሌዎቹ አይወዱትም። የክፍል ጓደኛዬን ‹አንተ ነህ ቀጠሮ የምትሰጠኝ?› ብለውታል።»

ሙሉጌታ፦ «ሽማግሌም ሆነ ወጣት፣ አርእስቱ ሳይጻፍ የመጣ ኢሜይል አይከፈትም።»

እናንተ ስትጨርሱ ልናገር? ዳዊት፣ እንደዚያ የሚቆጡ የሉም አልልም። የሚቆጡት ግን ለትእዛዝ ነው፤ «ማክሰኞ እመጣለሁ» ማለት ትእዛዝ ነው። «ከሚከተሉት በአንዱ ሊሰጡኝ ይችላሉ?» ጥያቄ ነው። የሚከብድህ ከሆነ መጨረሻው ላይ «ካልተመቸዎ የሚሻልዎትን ሰዓት ይንገሩኝ» ጨምርበት። ሦስቱን ግን አታውጣ።

ሄኖክ፦ «የሠራሁትን አያይዤ ልላክ?»

እኔ የተቸገርኩበትን ግማሽ ገጽ አያይዙ እላለሁ። አሥራ ሁለት ገጽ ማንም አያነብም።

ቤቲ፦ «የኔዋ ደግሞ አታች የተደረገ ነገር አልከፍትም ብላ ሲለበሱ ላይ ጽፋለች።»

እንግዲያው ለእሷ አታያይዢ። በእጅሽ ይዘሽ ግቢ።

ዮዲት፦ «መልስ ካልመጣ ስንት ቀን ልጠብቅ?»

ሦስት የሥራ ቀን። ከዚያ በዚያው ኢሜይል ላይ መልሺ፣ አዲስ አትክፈቺ። ያለፉትን ቀኖች አውጥተሽ አዲስ አማራጭ አስገቢ። ፈተናው ነገ ከሆነ ግን ኢሜይሉን ተዪና ረዳት መምህሩን ፈልጊ።

ሳሙኤል፦ «ከጂሜይሌ ብልክስ? ጉዳዩ የውጤት ቅሬታ ነው።»

ከዩኒቨርሲቲው አድራሻህ ላክ። በተለይ አሜሪካ ከሆንክ የተማሪን መረጃ የሚጠብቅ ሕግ ስላለ ብዙዎቹ በግል ኢሜይል ስለ ውጤት አያወሩም።

ሳሙኤል፦ «ድጋፍ ደብዳቤስ እንዴት ልጠይቅ?»

ሌላ ጉዳይ ነው። ዛሬ አይደለም።

ኤልሳ፦ «ይቅርታ ዘግይቼ ነው። ፕሮፌሰሬን መቼ ማግኘት እችላለሁ?»

ኤልሳ፣ የየትኛው ኮርስ? ስለምን? ያንቺ ክፍት ሰዓት መቼ ነው? ናትናኤል ከላይ የጠየቀውን አንብቢ። ሲለበሱንም ክፈቺ።

ናትናኤል፦ «ዶክተር፣ አሁኑኑ ልላከው? ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሆኗል።»

ላከው። ማክሰኞ ገና ነው።