የፈቃድ ደንብ ለሠላሳ ሠራተኛ፦ ጥያቄና መልስ

አስተዳደር፦ ጋሼ፣ መመሪያው ላይ «ሠራተኛው በዓመት 20 ቀን ፈቃድ አለው» ብዬ ጽፌያለሁ። ይበቃል?

መላሽ፦ አይበቃም። የምን ቀን? ዕረፍቱ ላይ የሚውለው ቅዳሜና እሑድስ ይቆጠራል? የሥራ ቀን ነው ካላችሁ፣ በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራው 20 ቀን አራት ሳምንት ይሆናል፤ ስድስት ቀን ለሚሠራው ግን ሦስት ሳምንት ከሁለት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ በሳምንት ጻፉት። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1970 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነት ቁጥር 132 እንኳ ዝቅተኛውን «ሦስት የሥራ ሳምንት» ብሎ ነው ያስቀመጠው። እንዲህ ይሁን፦

«እያንዳንዱ ሠራተኛ በፈቃድ ዓመቱ አራት ሳምንት ከነደመወዙ ያርፋል። ይህም በሳምንት 5 ቀን ለሚሠራ 20፣ 6 ቀን ለሚሠራ 24፣ 3 ቀን ለሚሠራ 12 የሥራ ቀን ነው። በመሐል የሚውል የሕዝብ በዓል ከፈቃዱ አይቀነስም።»

ከመፈረማችሁ በፊት ግን የአገራችሁን ሕግ እዩ። ደንባችሁ ሕጉ ካስቀመጠው በታች መውረድ አይችልም።

ፈረቃ መሪ፦ ሦስት ቀን ለሚሠራው 12 ብቻ? ሰው ሁሉ እኩል አይደለም እንዴ?

ሒሳብ ሹም፦ እኩል ነው እንጂ። በ12 ቀን አራት ሳምንት ከሥራ ይርቃል። 20 ከሰጠኸው ወደ ሰባት ሳምንት ሊጠጋ ነው።

ፈረቃ መሪ፦ በወረቀት ሦስት ቀን የተባለው እኛ ዘንድ አራትም አምስትም ቀን ይጠራል። ያኔስ?

መላሽ፦ እሱ ላይ ፈረቃ መሪ እውነት አለው። የሚቆጠረው የተሠራው ነው ወይስ ውሉ ላይ ያለው? የሚለውን ሕጋችሁ ይወስነው፤ ቢያንስ የተጠራባቸውን ቀናት መዝግቡ።

ሒሳብ ሹም፦ በዓመቱ መሐል ለገባና ለወጣ እንዴት ይሰላል? በወር 1.5 ቀን እያልን ነው የምንይዘው።

መላሽ፦ በወር ስታጠጋጉ ነው የሚበላሸው። 20ን ለ12 ስታካፍሉ 1.67 ይመጣል። በ1.5 ከያዛችሁ በዓመት 18 ቀን ብቻ ይሆናል፤ ሁለት ቀን ከሠራተኛው ጎደለ። ወደ 2 ካሳደጋችሁት ደግሞ 24 ይሆናል። ማጠጋጋት አንድ ጊዜ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ፣ ወደ ላይ ግማሽ ቀን።

ምሳሌ፦ ሠራተኛዋ በፈቃድ ዓመቱ አምስተኛ ወር መጀመሪያ ላይ ገባች። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስምንት ወር አለ፤ 20 ሲባዛ በ8፣ ሲካፈል ለ12፣ 13.33 ስለሚሆን 13.5 ተብሎ ይመዘገባል። 11 ቀን ቀድማ ወሰደችና በዘጠነኛው ወር መጨረሻ ለቀቀች። የሠራችው አምስት ወር ስለሆነ የደረሳት 8.33 ነው፣ 8.5 በሉት። 2.5 ቀን አስቀድማ ወስዳለች። ይህ ከመጨረሻ ደመወዟ ይቆረጣል ወይ የሚለውን መመሪያው ካልተናገረ ጭቅጭቁ የሚነሳው በመውጫዋ ቀን ነው። በብዙ ቦታ ለመቁረጥ አስቀድሞ የተፈረመ ስምምነት ይጠየቃል። ስለዚህ ፈቃዱን ከመስጠታችሁ በፊት አስፈርሙ። እና አሁንም፣ ሕጋችሁን እዩ።

አዲስ ቀጣሪ፦ ስለ ሕመም ፈቃድ ምን ልጻፍ?

መላሽ፦ ለማን፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚደወል፣ የሐኪም ወረቀት ከስንተኛው ቀን ጀምሮ እንደሚመጣ። ክፍያው ከሕጋችሁ።

አዲስ ቀጣሪ፦ እሺ፣ ታዲያ በዓመት 20 ቀን ልበል?

መላሽ፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

አስተዳደር፦ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ሁሉም ይጠይቃል። መከልከል እንችላለን?

መላሽ፦ መጀመሪያ ቁጥሩን እዩት። 30 ሰው በ20 ቀን 600 ቀን ነው። በዓመት 250 የሥራ ቀን ካለ፣ ማንም ባይጨናነቅ እንኳ በየቀኑ በአማካይ ከሁለት በላይ ሰው ፈቃድ ላይ ይሆናል። የ600ው ግማሽ ወደ መጨረሻው ሦስት ወር ከተገፋ ወደ አምስት ይጠጋል። አምስቱ ከአንድ ክፍል ከሆኑ ያ ክፍል ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ ገደቡን በድርጅቱ ሳይሆን በክፍል አድርጉት፦ «አንዱ ሌላውን የሚተኩ ሁለት ሠራተኞች በአንድ ጊዜ አይወጡም።» ጥያቄ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት በጽሑፍ ይቅረብ፤ አለቃው በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ይመልስ። ካልመለሰስ? ጻፉት። ዝምታን ሠራተኛው እንደ ፈቃድ፣ አለቃው እንደ ክልከላ ነው የሚተረጉመው። በስድስተኛው ወር ደግሞ ግማሹን ያልወሰደ ሰው በስሙ ይጠራና ቀን ይያዝ።

ፈረቃ መሪ፦ እኔ ፈቃድ ላይ ሆኜ ታምሜ አራት ቀን ተኛሁ። ይመለስልኛል?

ሒሳብ ሹም፦ አይመለስም፣ ፈቃድ ፈቃድ ነው።

መላሽ፦ እንደዚያ አትቁረጥ። የሐኪም ወረቀት ካለ ቀኑ ወደ ሕመም ፈቃድ የሚዞርባቸው ሕጎች አሉ፣ የማይዞርባቸውም አሉ። የእናንተ መመሪያ ምን ይላል?

ፈረቃ መሪ፦ ምንም አይልም።